ወፌ ቆመች፣ በባዶ እግሯ

ሚጣ አንድ ዓመት የሞላት ቀን ቤታችን በሰው ሞልቶ ነበር። ድፎው ተቆርሷል፣ ቡናው ቶና ላይ ደርሷል። ከሳምንት በፊት ሶፋውን ለቅቃ ሁለት ሦስት እርምጃ ብቻዋን ሄዳ ስለነበር የመጣው ሁሉ «እስቲ እንያት» ይላል። እህቴ ከቨርጂኒያ የላከችላት ጫማም ለዚያ ቀን ተብሎ ቁም ሳጥን ውስጥ ተቀምጦ ቆይቷል። ነጭ ነው። ቁርጭምጭሚቷን አልፎ ይታሰራል። ቆዳው ያብረቀርቃል፣ ሶሉ የአውራ ጣቴን ያህል ይወፍራል።

አደረግንላትና መሃል ወለሉ ላይ አቆምናት። እናቴ እጇን ዘርግታ «ወፌ ቆመች! ወፌ ቆመች!» ስትል ሁሉም ተቀበላት፤ ቤቱ በጭብጨባ ተሞላ። ሚጣ ግን ንቅንቅ አላለችም። ወደ እግሯ አየች። ቀኝ እግሯን ስታነሳ ድንጋይ የታሰረባት ይመስል ከበዳት። መልሳ ስታሳርፈው የጫማው ጫፍ ሊሾው ላይ ያዛትና በግንባሯ ልትደፋ ስትል ደረስኩላት። እንደገና ሞከርን። ቁጭ ብላ አለቀሰች።

«ትለምደዋለች፣ አታውልቂባት» አለች እናቴ። «ጫማ ካላደረገች እግሯ ጠፍጣፋ ሆኖ ይቀራል።» አክስቴም ቀጠለች፦ «ቁርጭምጭሚቷን የሚይዝላት ነገር ያስፈልጋታል የኔ ልጅ፤ አጥንቷ ገና ለጋ ነው።» ሁለቱም ልጆች ወልደው ለወግ ለማዕረግ ያበቁ ናቸው። እኔ የመጀመሪያዬ ነው። ዝም አልኩ። እንግዳው ሲሄድ ግን ጫማውንም ካልሲውንም አወለቅኩላት። ከሶፋው ተነስታ እስከ ረከቦቱ አምስት እርምጃ ሄደች።

ይሄ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። ልጅቷ ያችው ናት፣ ወለሉም ያው ነው። የተለወጠው እግሯ ላይ ያለው ነገር ብቻ ነው።

በሳምንቱ ፊዚዮቴራፒስት የሆነች ጓደኛዬ ልትጠይቀን መጣች። ጫማውን አሳየኋት። ምንም ሳትናገር ጫፉንና ተረከዙን ይዛ ልታጥፈው ሞከረች። እምቢ አለ። ጉልበቷ ላይ አስደግፋ ተጫነችው፤ ጎበጥ አለና ተመለሰ። «እኔ በሁለት እጄ ያቃተኝን እሷ በ9 ኪሎዋ እንዴት ታጥፈው?» አለችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለ ሕፃናት እግር ያገኘሁትን ሁሉ አነበብኩ። እሷንም በጥያቄ አላስቀምጣት አልኩ።

መጀመሪያ ያሳየችኝ እግሩን ራሱን ነው። የአዋቂ ሰው አንድ እግር 26 አጥንቶች አሉት። የአንድ ዓመት ልጅ እግር ውስጥ ግን ብዙው ክፍል ገና አጥንት አልሆነም፣ ካርቲሌጅ ነው። ጆሯችንን በጣት ስናጥፍ የምናገኘው ዓይነት ለስላሳ ነገር ማለት ነው። የተረከዙ አጥንት ልጁ ሳይወለድ መጠንከር ይጀምራል። በውስጥ በኩል የእግሩን ቅስት አናት የያዘችውና ናቪኩላር የምትባለው አጥንት ግን ብዙ ልጆች ላይ መጠንከር የምትጀምረው ወደ 3 ዓመት ገደማ ነው። ሥራው ሁሉ ተጠናቆ የሚያልቀው ደግሞ በጉርምስና ዕድሜ ነው።

ጓደኛዬ የሚጣን ትንሿን የእግር ጣት በቀስታ ወደ ጎረቤቷ ጣት ገፋቻት። ጣቷ ያለ ምንም ተቃውሞ እላይዋ ላይ ተደረበች። ሚጣ ብስኩቷን እየበላች ነው፣ ዞር ብላም አላየች። «እኔን የሚያሳስበኝ ይሄ ነው» አለች ጓደኛዬ። እኛ ጫማ ሲጠበን ግማሽ ሰዓት አንታገስም። የሕፃን እግር ግን ሲጫኑት ይተጣጠፋል እንጂ ወዲያው አያምም። ስለዚህ «ካላለቀሰች ተስማምቷታል» ማለት አያስኬድም። ጫማው ጠቦ ጣቷ ለሳምንታት ታጥፎ ቢከርም ላትነግረን ትችላለች።

ጠፍጣፋ ስለመሆኑ ደግሞ እናቴ እውነቷን ነው፤ የሚጣ እግር ጠፍጣፋ ነው። አንድ ቀን ከገላ መታጠቢያዋ አውጥቼ እርጥብ እግሯን ሊሾው ላይ ሳቆመው የወጣው አሻራ እንደ ትንሽ ዳቦ ሙሉ ነበር። የኛ እግር ላይ ያለው የመሃሉ ጉድባ የለውም። ይህ ግን በሽታ አይደለም። በዚህ ዕድሜ ቅስቱ ያለበት ቦታ በስብ የተሞላ ነው፣ እንደ ትራስ። መገጣጠሚያውን የሚይዙት ጅማቶችም ገና ላላ ያሉ ናቸው። ቅስቱ ብቅ የሚለው ልጁ እየሮጠ፣ እየዘለለ፣ እየወጣና እየወረደ ጡንቻው ሲጠነክር ነው። ብዙዎቹ ላይ እስከ 6 ዓመት ድረስ ይታያል፤ አንዳንዶቹ ላይ ከዚያም ይዘገያል።

ከዚህ በኋላ ያደረግኩት ነገር ቢኖር ወለሉ ላይ በሆዴ ተኝቼ ስትራመድ እግሯን ማየት ነው። ልጅ ያላችሁ ሞክሩት። ከላይ ሆነን ስናያት ትንገዳገዳለች ነው የምንለው። ከታች ግን ሌላ ነገር ነው የሚታየው። እግሮቿን ከፈት አድርጋ ትቆማለች፣ እጆቿን ደረቷ አካባቢ ወደ ላይ ታነሳለች። እንደኛ በተረከዟ አትጀምርም፤ ውስጥ እግሯን በሙሉ አንዴ ጧ አድርጋ ነው የምታሳርፈው። ልክ ስታርፍ ጣቶቿ ይበተናሉ። ወደ ፊት ዘንበል ስትል አምስቱም ጣቶች ወለሉን ይጫኑና ጫፋቸው ነጭ ይሆናል። ወደ ኋላ ስትል ይለቃሉ። ወደ ጎን ስትል ትንሿ ጣት ለብቻዋ ትሠራለች። ልጅቷ ሚዛኗን የምትጠብቀው በጣቶቿ ነው።

ይህን ሁሉ ለማድረግ መጀመሪያ ወለሉ ሊሰማት ይገባል። የውስጥ እግራችን ቆዳ ጫናን በሚለዩ ነርቮች የተሞላ ነው። ሰውነቷ ወደ ፊት ሲያጋድል ጫናው ወደ ጣቶቿ ይሄዳል፣ ወሬው ወደ አእምሮ ይደርሳል፣ ትእዛዙ ወደ ጡንቻው ይመለሳል። ከሊሾው ወደ ምንጣፉ ስትሻገር ሁልጊዜ ለአፍታ ቆም ትላለች። እየለካች ነው። አንድ ጣት የሚያህል ጎማ መሃል ገብቶ ከሆነ ሊሾውም ምንጣፉም አንድ ዓይነት ይሆኑባታል።

ልምምዱ ምን ያህል እንደሆነ ሳውቅ ደግሞ በጣም ነው የገረመኝ። በኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ የሕፃናትን እንቅስቃሴ የምታጠናው ካረን አዶልፍ ከባልደረቦቿ ጋር ከ12 እስከ 19 ወር ያሉ ልጆች እንደልባቸው ሲጫወቱ ተከታትላ እ.ኤ.አ. በ2012 ውጤቱን አሳትማለች። ልጆቹ በአማካይ በሰዓት 2,368 እርምጃ ይራመዳሉ፣ 17 ጊዜ ይወድቃሉ። በሰዓት ነው እንግዲህ! ጠንካራ ጫማ የማይመቸው ለአንድ ለሁለት እርምጃ አይደለም። እያንዳንዱ እርምጃ ላይ እግሩ ሊታጠፍ ሲል ሶሉ ይመልሰዋል፣ እሷም እግሯን እንደ ጣውላ ከጉልበቷ ጀምሮ እያነሳች ትጥላለች። የምትለማመደው የእግሯን ሳይሆን የጫማውን አረማመድ ይሆናል።

ታዲያ ለስላሳ ሶል ምን ያደርጋል? ይህን ጥያቄ ስጠይቅ ጓደኛዬ የመለሰችልኝን ወድጄዋለሁ። «ምንም አያደርግም። ጥሩነቱም እሱ ነው» አለችኝ። ማስታወቂያ ላይ «እግርን የሚያጠነክር»፣ «ቅስት የሚያወጣ» ሲባል እንሰማለን። ጫማ ጡንቻ አያጠነክርም። ጡንቻውን የሚያጠነክረው እግሩ ራሱ ሲሠራ ነው። ለስላሳና ተጣጣፊ ሶል የሚያደርገው ከመንገድ መራቅ ነው። እግሩ ጣቶቹ ሥር ሲታጠፍ አብሮ ይታጠፋል። እግሩ ጎን ለጎን ጠመዝመዝ ሲል አብሮ ይጠመዘዛል። ስስ ስለሆነ የመሬቱን ነገር ጥቂትም ቢሆን ያሳልፋል። ቀላል ስለሆነም እግሯን ለማንሳት ተጨማሪ ጉልበት አይጠይቃትም። እንዲያም ሆኖ ከባዶ እግር አይበልጥም። ቢበዛ ይቀርበዋል።

አክስቴ የተናገረችው የቁርጭምጭሚት ነገር ብዙ ቦታ የሚነገር ነው። አሜሪካና አውሮፓም ለረጅም ጊዜ ሕፃን መራመድ ሲጀምር ጠንካራና ረጅም ነጭ ቡትስ ይገዛለት ነበር። እህቴ የላከችውም የዚያ ዘመን ልማድ ቅሪት ነው። ጤነኛ ልጅ ግን ቁርጭምጭሚቷ የሚወዛወዘው ስለደከመ አይደለም፤ ሚዛን መጠበቅ እየተማረ ስለሆነ ነው። አጥብቀን ስንይዘው ሥራውን ጫማው ይሠራለታል፣ እሱ አይማርም። አሜሪካዊው የሕፃናት አጥንት ሐኪም ሊን ስታሄሊ እ.ኤ.አ. በ1991 በልጆች ጫማ ላይ የተጻፉትን ጥናቶች ሰብስቦ ገምግሞ ነበር። የደረሰበት ነገር ቀላል ነው። እግር በደንብ የሚያድገው በባዶው ሲሆን ነው፤ የጫማ ዋና ሥራ ከጉዳትና ከበሽታ መከላከል ነው፤ ጠንካራና የሚያጨናንቅ ጫማ ግን እግርን ሊያጣምምና ሊያደክም ይችላል።

የጠፍጣፋውን እግር ነገር ለእናቴ ሳስረዳ ሁለት ጥናቶች ረድተውኛል። አንደኛው ከሕንድ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1992 የታተመ። ከ4 እስከ 13 ዓመት የሆኑ 2,300 ልጆች የእግር አሻራ ተወሰደ። ጫማ ከሚያደርጉት መካከል 8.6 በመቶው ጠፍጣፋ እግር ነበራቸው፤ ጫማ ከማያደርጉት ግን 2.8 በመቶው ብቻ። ከሚጫሙትም መካከል ችግሩ በብዛት የታየው ድፍን ጫማ በሚያደርጉት ላይ ነበር፤ ሰንደልና ነጠላ ጫማ የሚያደርጉት ላይ አነስ ያለ ነው። ይህ ጥናት ብቻውን ጫማ ቅስትን ይደፍጥጣል ብሎ ለመፍረድ አይበቃም። ያለ ጫማ ቅስት አይወጣም የሚለውን ግን ያፈርሰዋል።

ሌላው ከአሜሪካ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣ። እግራቸው ጠፍጣፋ ግን ተጣጣፊ የሆነ ልጆችን በቡድን ከፍለው፣ ለአንዳንዶቹ «የማስተካከያ» ጫማና የጫማ ውስጥ ድጋፍ ሰጡ፣ ለሌሎቹ ምንም አልሰጡም። ለ3 ዓመት ተከታተሏቸው። በመጨረሻ የሁሉም እግር ተሻሽሎ ተገኘ፤ በጫማ የታከሙትና ያልታከሙት ግን ልዩነት አልነበራቸውም። ያ ሁሉ ገንዘብ የወጣበት ጫማ ቢኖርም ባይኖርም ጊዜው ሲደርስ እግሩ ራሱ ተስተካክሏል።

እናቴ ይህን ሁሉ ሰምታ ዝም አለች። ቆይታ ግን ሌላ ነገር አወራችኝ። ጎጃም ገጠር ስታድግ የመጀመሪያ ጫማዋን ያገኘችው 9 ዓመቷ ላይ ነው፣ ኮንጎ ጫማ። ከዚያ በፊት ሙጀሌ እግሯ ውስጥ ገብቶ አያቴ በእሾህ እየነቀሰች ስታወጣላት ታስታውሳለች። የጎረቤታቸው ሰው እግር አብጦ እንደ ግንድ ሆኖ ነበር፤ ሰው ይሸሸው ነበር። «ልጄ ባዶ እግሯን ስትሄድ ሳይ የሚታየኝ እሱ ነው» አለችኝ። ለካ የኛ ክርክር ስለ ቅስት አልነበረም።

እዚህ ላይ እናቴ ትክክል ናት። ስለ ባዶ እግር ከውጭ የምናነበው ምክር የተጻፈው አብዛኛውን ጊዜ ንጹሕ ምንጣፍና የተከረከመ ሣር ላለው ቤት ነው። የኛ አፈር ሌላ ነገር ይዟል። ሙጀሌ አለ። የመንጠቆ ትል እጭ እርጥብ አፈር ውስጥ ሆኖ በእግር ቆዳ በኩል ይገባል፤ ልጅ ላይ ደም ማነስ ያመጣል። ያ የጎረቤታቸው ሰው በሽታም ምናልባት ፖዶኮኒዮሲስ ሊሆን ይችላል። ብዙ ሰው ዝሆኔ ይለዋል፣ እርግማን ነው የሚልም አለ። ኧርነስት ፕራይስ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ እዚሁ ኢትዮጵያ ሆኖ ሲያጠናው በትንኝም በትልም እንደማይመጣ አሳየ። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ በተገኘ ቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር የሚሄድ ሰው ላይ ደቃቅ የአፈር ቅንጣቶች በቆዳው ገብተው እግሩን ያሳብጡታል። መከላከያው ጫማ ማድረግና እግርን መታጠብ ነው። በሽታው ለመውጣት ዓመታት ስለሚፈልግ ሕፃን ላይ አይታይም። ጫማ ማድረግ ግን የሚለመደው ከልጅነት ነው።

ስለዚህ በእኛ ቤት ድንበሩ በሩ ሆነ። ከደጃፉ ውስጥ ባዶ እግር። ከደጃፉ ውጭ፣ ግቢውም ቢሆን፣ ጫማ።

በሐምሌና በነሐሴ ግን ሊሾው በረዶ ነው። እናቴ «ብርድ ይመታታል» ስትል ተራ ካልሲ አድርጌላት ነበር፤ ሁለት ጊዜ ተንሸራታ ራሷን መታች። ለስላሳ ወለል ላይ ተራ ካልሲ ከሁሉም የባሰ ነው፤ ጣቶቿን ያስርባታል፣ መያዣም የለውም። አሁን ሥሩ የጎማ ነጠብጣብ ያለው ወፍራም ካልሲ ነው የማደርግላት፤ ጣቶቿ ጋ ትንሽ ስቤ አላላዋለሁ። የጠበበ ካልሲ እንደ ጠበበ ጫማ ነው።

የውጭ ጫማዋን ለመግዛት ቅዳሜ መርካቶ ሄድን። ሻጩ ቅን ልጅ ነው። የሚጣን እግር በዓይኑ ለካና አንድ ጫማ አመጣ፦ «ሁለት ቁጥር ጨምሬላታለሁ፣ ታድግበታለች።» ይህን የማንሰማበት ሱቅ የለም። ገንዘብ የሚቆጥብ ይመስላል። የተጣጣፊ ጫማ ጥቅም የሚጠፋው ግን እዚህ ላይ ነው። ሶሉ የሚታጠፍበት መስመር ጣቶቿ ከሚታጠፉበት መስመር ጋር መገጣጠም አለበት። ጫማው ሁለት ቁጥር ሲተልቅ መታጠፊያው ወደ ፊት ይሄድና ጣቶቿ ሥር መሆኑ ቀርቶ ከጣቶቿ ጫፍ አካባቢ ይውላል። በዚያ ላይ ተረከዟ ይንሸራተታል፣ ጫፉ ያደናቅፋታል፣ እሷም እንዳይወልቅባት ጣቶቿን ትቆለምማለች።

እኔ ቀደም ብዬ ለክቼ ነበር። ማታ፣ እግሯ ቀኑን ሙሉ ሠርቶ ትንሽ ሰፋ ባለበት ሰዓት፣ ወረቀት ላይ አቆምኳት። ባለቤቴ ከፊት መጫወቻ ይዞ አባበላት፤ እኔ እርሳሱን ቀጥ አድርጌ በእግሯ ዙሪያ አዞርኩ። መቆሟ ወሳኝ ነው፤ ተቀምጣ ሲለካ እግሩ ያጥራል። ግራው 11.7፣ ቀኙ 11.9 ሴንቲሜትር ሆነ። የሚያዘው ትልቁ ነው። ለማደጊያና ጣቶቿ ወደ ፊት ለሚገፉበት 1.2 ሴንቲሜትር ገደማ ይጨመራል፤ 13.1 ይመጣል። በአውሮፓ ቁጥር አንዱ ቁጥር ከሌላው የሚበልጠው በሴንቲሜትር ሁለት ሦስተኛ ነው። 13.1ን ለ0.667 ስናካፍል 19.6 ይሆናል፣ ማለትም ቁጥር 20። ሻጩ ያመጣው 22 ነበር።

ቁጥሩን ብቻ ማመን ግን አይቻልም፤ አንዱ ፋብሪካ 20 ያለውን ሌላው 21 ይለዋል። ስለዚህ ከካርቶን ጠባብ ቁራጭ ልክ 13.1 ሴንቲሜትር አድርጌ ቆርጬ ቦርሳዬ ውስጥ ይዤ ሄጃለሁ። ጫማው ውስጥ ሳይታጠፍ ከገባና ብዙ ካልተረፈ ልኩ ነው ማለት ነው። ሁላችንም የለመድነው የጫማውን አፍንጫ በአውራ ጣት ጫን ማድረግ ነው። እሱ ያታልላል። ጫን ስንለው ልጅ ጣቶቿን ወደ ውስጥ ትሰበስባለች፤ እኛም «ኧረ ገና ሰፊ ነው» እንላለን።

ከዚያ ማጠፍ ነው። በሁለት ጣት፣ ጫፉንና ተረከዙን ይዞ። ጥሩው ጫማ ያለ ትግል ይታጠፋል፣ የሚታጠፈውም ከፊት ወደ አንድ ሦስተኛው ላይ ነው። መሃሉ ላይ እጥፍ የሚል ከሆነ ለስላሳ ቢሆንም ጥሩ አይደለም፤ የእግር መሃል እዚያ አይታጠፍም። ፎጣ እንደምንጨምቅ ጠምዘዝ ሲደረግም እሺ ማለት አለበት። የተረከዙ ጀርባ ግን እግሩን ለመያዝ ያህል ጠንከር ቢል አይጠላም። አፍንጫው የእግሯን ቅርጽ ይመስላል ወይ ብዬም ወረቀቱን ከሥሩ አስቀምጬ አየሁ። ብዙዎቹ ጫማዎች እንደ እንቁላል ጫፍ ይሾላሉ፣ የሚጣ እግር ደግሞ ከጣቶቿ ጋ ነው የሚሰፋው።

አራት ሱቅ ዞርን። መጨረሻ ላይ ያገኘነው እንደ ሌሎቹ ዓይን የሚስብ አይደለም። ቡናማ ለስላሳ ቆዳ ነው፣ ሶሉ 4 ሚሊሜትር ገደማ የሆነ ጎማ፣ ላዩ ላይ ሰፋ ያለ የሚጣበቅ ማሰሪያ አለው። ሱቁ ውስጥ አድርጌላት ስለቃት ለአፍታ ቆም አለች። እግሯን አየች። ከዚያ ወደ በሩ ድክ ድክ አለች።

ይህ ጫማ ሁሉን አይችልም። አስፋልት ላይ ሶሉ ቶሎ ያልቃል። ሚስማር ወይም የጠርሙስ ስባሪ ላያቆም ይችላል፤ ግንባታ ያለበት መንገድ ላይ አላወርዳትም፣ አዝያት ነው የምሄደው። ከአክስቷ ልጅ የተሰጠን ልባሽ ጫማም ነበረን። ሶሉ በአንድ በኩል ተበልቶ ነበር፣ ውስጡም የሌላ ልጅ ጣቶች ቅርጽ ተቀርጾበታል። እሱን ተውኩት። ብዙ ያልተለበሰና ውስጡ ያልተሠረጎደ ልባሽ ቢሆን ግን አደርግላት ነበር።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ጤነኛ እግር ላላት ልጅ ነው። ቆልማማ እግር ይዞ ለሚወለድ ሕፃን ጫማ ሕክምና ነው። በፖንሴቲ ዘዴ እግሩ በተከታታይ ጀሶ ቀስ በቀስ ከተቃና በኋላ በብረት የተያያዘ ልዩ ጫማ ይደረግለታል፤ መጀመሪያ ቀንና ሌሊት፣ በኋላ በእንቅልፍ ሰዓት ብቻ፣ እስከ 4 ወይም 5 ዓመት ድረስ። እዚያ ላይ «ባዶ እግር ይሻላል» ብሎ ማውለቅ እግሩን ወደነበረበት ይመልሰዋል። ጓደኛዬ ይህን ሳልጽፍ እንዳላልፍ አደራ ብላኛለች።

ሐኪም ማየት ያለበትንም ነግራኛለች። 18 ወር ሞልቶት ብቻውን የማይራመድ ልጅ። አንዱ እግሩ ከሌላው የተለየ ወይም የሚያነክስ። ሁልጊዜ በጣቶቹ ጫፍ ብቻ የሚሄድና ተረከዙን ማውረድ የሚያቅተው። ከፍ ላለ ልጅ ደግሞ በእግር ጣቱ እንዲቆም ማድረግ ነው፤ ያኔ ቅስቱ ብቅ ካለ እግሩ ተጣጣፊ ነው፣ አያሳስብም። በጣቱ ቆሞም ጠፍጣፋና ድርቅ ያለ ከሆነ፣ ወይም የሚያመው ከሆነ ግን መታየት አለበት።

ነጩን ጫማ አልጣልኩትም። እህቴ አይታ ስትጠይቀኝ እውነቱን ነገርኳት። ቅር ይላታል ብዬ ነበር፤ «ቀጥሎ የእግሯን ወረቀት ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ» ብቻ አለችኝ። ጫማው አሁን ከክርስትና ቀሚሷ ጋር መደርደሪያ ላይ ነው።

እናቴም አሁን በር ላይ ቁጭ ብላ ቡናማውን ጫማ የምታደርግላት እሷ ናት። ሲመለሱ አውልቃ እግሯን በሞቀ ውሃ ታጥባታለች፣ በጣቶቿ መሃል ሳይቀር ታደርቃታለች። ከዚያ ሊሾው ላይ ትለቃታለች።

በዚህ ዕድሜ እግር ቶሎ ያድጋል፤ በሁለት ሦስት ወር ጫማ ሊጠብ ይችላል። ስለዚህ ወር በገባ በመጀመሪያው እሁድ ማታ እንለካለን። የመጀመሪያው ሥዕል በሰማያዊ እስክሪብቶ ነው፣ 11.9። ትናንት በቀይ በላዩ ላይ ያዞርነው 12.4 ሆነ። ካርቶኑ 13.1 ነው፤ 7 ሚሊሜትር ቀርቷታል። ግማሽ ሴንቲሜትር ሲቀር እንቀይራለን ብለናል። እናቴ ወረቀቱን ወደ መብራቱ አስጠግታ ሁለቱን መስመሮች በጣቷ ተከተለቻቸው። «ይቺ አውራ ጣቷ ቀጥ ብላለች» አለች፣ ወረቀቱንም አጥፋ መጽሐፍ ቅዱሷ ውስጥ አስቀመጠችው።